ማርኬት ሜከር በኮምፒውተሬ ላይ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሰኞ ማታ

የማርኬት ሜከር ሥራ ላይ ላዩን ሲታይ ቀላል ነው። አንድ አክሲዮን 100 ዶላር ያወጣል እንበል። ማርኬት ሜከሩ በ99.99 እገዛለሁ፣ በ100.01 እሸጣለሁ ብሎ ሁለት ትዕዛዝ በገበያው የትዕዛዝ መዝገብ ላይ ያስቀምጣል። ቸኩሎ መሸጥ የፈለገ ለእሱ ይሸጣል፣ ቸኩሎ መግዛት የፈለገ ከእሱ ይገዛል፣ መሃል ላይ ያለችው ሁለት ሳንቲም የእሱ ትሆናለች። ይህቺ ልዩነት ስፕሬድ ናት። ሌላው ሰው በፈለገው ሰዓት ገብቶ ዋጋውን ሳያናጋ መግዛትና መሸጥ ከቻለ ደግሞ ገበያው ሊኩዊዲቲ አለው ይባላል።

እኔን የከነከነኝ ሌላ ነገር ነው። ሁለት ሳንቲም ለመልቀም በማይክሮሰከንድ መሽቀዳደም ለምን አስፈለገ? ማይክሮሰከንድ ማለት የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ያንን ያህል ፍጥነት የሚገዛው ትርፍ ምንድን ነው? ስለዚህ ትንሽ የውሸት ገበያ በኮምፒውተሬ ላይ ልሠራና ቁጥሮቹን ራሴ ልያቸው ብዬ ተነሳሁ።

ገበያዬ ውስጥ ሁለት ዓይነት ነገር ብቻ ነው የሚከሰተው። አንደኛው ተራ ትዕዛዝ ነው፦ ጡረታው ደርሶ የሚሸጥ ሰው፣ ለቁጠባ የሚገዛ ፈንድ፣ ስለ ቀጣዩ ሰከንድ ምንም የተለየ ነገር የማያውቅ። ከእሱ ጋር 100 አክሲዮን ስገበያይ በአንዱ 1 ሳንቲም፣ በጠቅላላ 1 ዶላር አገኛለሁ። ሁለተኛው ዝላይ ነው፦ ዜና ይመጣል፣ ወይም ተዛማጅ የሆነ ሌላ ገበያ ላይ ዋጋ ይንቀሳቀሳል፣ የአክሲዮኑ ትክክለኛ ዋጋም በአንድ ጊዜ 5 ሳንቲም ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይሄዳል። በየአንዱ ዝላይ መካከል በአማካይ ሦስት ተራ ትዕዛዝ አለ። ሌላ ምንም የለም። እውነተኛ ገበያ ከዚህ በጣም የተወሳሰበ ነው፣ ግን ጥያቄዬን ለመመለስ ይህ ይበቃል።

ረቡዕ

ዝላይ ሲመጣ ምን እንደሚሆን በደንብ ማየት ያስፈልጋል፤ ሥራው ሁሉ ያለው እዚያ ነው።

ዋጋው ከ100.00 ወደ 100.05 ዘለለ። የእኔ የመሸጫ ትዕዛዝ ግን አሁንም 100.01 ላይ ተቀምጧል። አርጅቷል። 100.05 የሚያወጣውን ነገር በ100.01 እየሸጥኩ ነው። እኔ እሱን ለመሰረዝ መልእክት እልካለሁ፤ በዚያው ቅጽበት ሌሎች ፈጣን ድርጅቶች ያረጀውን ዋጋ ለመግዛት ይልካሉ። እነዚህን አዳኞች ብያቸዋለሁ። መልእክቱ ቀድሞ የገበያው ኮምፒውተር ጋ የደረሰ ያሸንፋል፤ ኮምፒውተሩ የሚያስተናግደው በተራ ነው። አዳኝ ከቀደመኝ በአንድ አክሲዮን 4 ሳንቲም፣ በ100 አክሲዮን 4 ዶላር እከስራለሁ። አንድ መመታት የአራት ተራ ትዕዛዝ ገቢ ይበላል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ማርኬት ሜከሩ የሚሮጠው አንዲት ትዕዛዙን ለመሰረዝ ነው። አዳኞቹ ግን ብዙ ናቸው፤ ከእነሱ አንዱ ብቻ ቢቀድም በቂ ነው። ሁላችንም እኩል ፈጣን ብንሆን እንኳ አዳኞቹ ሦስት ከሆኑ እኔ የማሸንፈው ከአራት አንድ ጊዜ ነው። ይህን ነጥብ የኢኮኖሚ ተመራማሪው ኤሪክ ቡዲሽና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት በግልጽ አሳይተዋል።

ኮዱ ይህን ያህል አጭር ነው፦

```python
import random

def day(n, shift=0, h=1, jump=5, size=100, hunters=3):
    cash = 0
    for _ in range(n):
        if random.random() < 0.75:
            cash += h * size
        else:
            me = random.uniform(50, 150) - shift
            rival = min(random.uniform(50, 150) for _ in range(hunters))
            if rival < me:
                cash -= (jump - h) * size
    return cash / 100
```

ሁሉም ተወዳዳሪ ምላሽ የሚሰጠው ከ50 እስከ 150 ማይክሮሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። `shift` የምንለው እኔ ከሌሎቹ በስንት ማይክሮሰከንድ እንደምቀድም ነው። `h` የስፕሬዱ ግማሽ ነው፣ በሳንቲም።

ሐሙስ

ወረቀት ላይ የሠራሁትና ኮዱ የሚያወጣው ተገናኙ። በየዝላዩ ሦስት ዶላር ከተራ ትዕዛዝ ይገባል። ከአራት ዝላይ በሦስቱ እመታለሁ፣ ስለዚህ በአማካይ ሦስት ዶላር ይወጣል። ትርፉ ዜሮ። ሦስት አዳኝ፣ እኩል ፍጥነት፣ ድፍን ዜሮ።

ከዚያ `shift=10` አደረግኩ። 10 ማይክሮሰከንድ ብቻ፤ ዓይን ከሚርገበገብበት ጊዜ ጋር ሲወዳደር የለም የሚባል ነው። የመመታት ዕድሌ ከ75 ወደ 65 በመቶ ወረደ፣ ትርፉም ከዜሮ ተነስቶ በየዝላዩ 40 ሳንቲም ሆነ። በ20 ማይክሮሰከንድ ስቀድም 80 ሳንቲም። በተቃራኒው በ10 ማይክሮሰከንድ ስዘገይ በየዝላዩ 34 ሳንቲም ገደማ እከስራለሁ። የተራ ትዕዛዙ ብዛት አልተለወጠም፣ ስፕሬዱ አልሰፋም፣ ዋጋ ስለመተንበይ ምንም አላወቅኩም። የተለወጠው የመሰረዣ መልእክቴ የሚደርስበት ሰዓት ብቻ ነው።

ሰው ስለ ፈጣን ንግድ ሲያወራ ፍጥነትን ገንዘብ መንጠቂያ አድርጎ ነው የሚያየው። ለአዳኙ እውነት ነው። ለማርኬት ሜከሩ ግን ፍጥነት መጀመሪያ ጋሻ ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ሁለቱንም ሥራ የሚሠራው ያው አንድ ድርጅት ነው፤ በአንዱ ትዕዛዝ ይሸሻል፣ በሌላው ያሳድዳል።

የእውነተኛው ዓለም ምሳሌ ቺካጎና ኒው ጀርዚ ናቸው። የአሜሪካን 500 ትልልቅ አክሲዮኖች የሚለካው የኤስ ኤንድ ፒ 500 ኢንዴክስ ፊውቸር፣ ማለትም ዋጋው ዛሬ ተቆርጦ ወደፊት የሚፈጸም ውል፣ የሚገበያየው ቺካጎ አካባቢ ባለ የመረጃ ማዕከል ነው፣ ያንኑ ኢንዴክስ የሚከተለው ስፓይ የተባለው ፈንድ ደግሞ ኒው ጀርዚ። አንዱ ሲንቀሳቀስ ሌላው መከተሉ አይቀርም፤ ጥያቄው ወሬው ማን ጋ ቀድሞ ደረሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቀጥ ያለ አዲስ የፋይበር መስመር ተዘርግቶ የደርሶ መልሱን ጊዜ ወደ 13 ሚሊሰከንድ አወረደው። ብዙም ሳይቆይ የማይክሮዌቭ ማማዎች መጡና ከ9 ሚሊሰከንድ በታች አደረጉት። ብርሃን መስታወት ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚጓዘው፣ አየር ላይ ግን ወደ 300 ሺህ ይጠጋል። ለዚያ ነው ፋይበሩ ምንም ቀጥ ቢል የተሸነፈው። በእነ ቡዲሽ ጥናት መሠረት በእነዚህ ሁለት ገበያዎች መካከል የሚፈጠረው የዋጋ ልዩነት የሚቆይበት ጊዜ በ2005 በሚዲያን 97 ሚሊሰከንድ ነበር፤ በ2011 ሰባት ብቻ ሆኗል።

ቅዳሜ ጠዋት

በዚህ ሙያ የሠራ አንድ ወዳጄ ጋ ደውዬ ውጤቱን ነገርኩት። ብዙም አልተደነቀም። «ወንድሜ፣ እሱ ጥሩ ነው፤ ግን አንተ ማን እንደመታህ ታውቃለህ፣ ኮዱን የጻፍከው አንተ ነህ። እውነተኛ ገበያ ላይ አዳኝ ነኝ ብሎ የሚመጣ የለም። ማርክአውት ሥራ» አለኝ።

ማርክአውት ማለት እያንዳንዱን ግብይት ከተፈጸመ በኋላ ትንሽ ቆይቶ ባለው ዋጋ መመዘን ነው። በ100.01 ሸጥኩ። በዚያው ቅጽበት የመሃል ዋጋው 100.00 ስለሆነ 1 ሳንቲም አትርፌያለሁ ይላል። ከአንድ ሚሊሰከንድ በኋላስ? ከአንድ ሰከንድስ? የመሃል ዋጋው አሁንም 100.00 ከሆነ ገዢው ተራ ሰው ነበር። 100.05 ከደረሰ 4 ሳንቲም ከስሬያለሁ።

ሲሙሌተሩን አሰፋሁትና ለእያንዳንዱ ግብይት ሰዓት እንዲመዘግብ አደረግኩት። ከዚያ `shift=0` ሆኖ የሁሉንም አማካይ በግራፍ ሳልኩ። በዜሮ ሰዓት ላይ መስመሩ ልክ 1 ሳንቲም ላይ ነው። አንድም ኪሳራ የለም! እያንዳንዱ ግብይት የተፈጸመው ከመሃል ዋጋው በጥሩ በኩል ነው። የመሃል ዋጋው ሲታደስ፣ ከ150 ማይክሮሰከንድ በኋላ፣ መስመሩ ዜሮ ላይ ተኝቷል። በስፕሬዱ ብቻ የሚለካ ሰው ሳንቲሙን ሁሉ ያገኘ ይመስለዋል፣ ከሂሳቡ ግን ምንም አይቀርም።

ይህ መስመር እንዴት እንደሚወርድ ማየት በራሱ ብዙ ይናገራል። ወዲያው፣ በሚሊሰከንድ ውስጥ የሚወርድ ከሆነ እየተመቱ ያሉት በፍጥነት ነው፤ መፍትሔውም ፍጥነት ነው። ቀስ ብሎ በደቂቃዎች ውስጥ የሚወርድ ከሆነ ግን ከአንድ ትልቅ ገዢ ጋር ነው የምትገበያዩት፣ ትዕዛዙን ቆራርጦ እየበላ ዋጋውን ወደ ላይ እየገፋ ያለ። እዚያ ላይ ማይክሮሰከንድ አያድንም። ሁለቱን ሳይለዩ ለፈጣን መስመር ገንዘብ ማፍሰስ ከንቱ ወጪ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት

መጠኑን ልሞክር አልኩ። በ100 አክሲዮን ፋንታ 500 አክሲዮን መዝገቡ ላይ ባስቀምጥስ? ሊኩዊዲቲ ማብዛት ማለት ይህ አይደል?

ተራው ገዢ 100 ብቻ ነው የሚፈልገው፣ ስለዚህ ከእሱ የማገኘው ያው አንድ ዶላር ነው። አዳኙ ግን ያለውን በሙሉ ጠራርጎ ይወስዳል። ኪሳራው ከ4 ዶላር 20 ዶላር ይሆናል። በሦስት እኩል አዳኝ በየዝላዩ 3 ዶላር አግኝቼ 15 ዶላር አጣለሁ። ይህን ሳይ ትልልቅ አክሲዮኖች ላይ እንኳ ምርጥ ዋጋው ላይ የሚታየው መጠን ለምን ቀጭን እንደሆነ ግልጽ ሆነልኝ። ብዙ ማሳየት የሚቀጣው በመጥፎው ሰዓት ነው፣ የሚሸልመው ደግሞ ትልቅ ተራ ትዕዛዝ ሲመጣ ብቻ።

ዝላዩንም አበዛሁት። በዝላይ መካከል ሦስት ሳይሆን አንድ ተራ ትዕዛዝ ብቻ ሲኖር፣ ላለመክሰር የሚያስፈልገኝ ግማሽ ስፕሬድ ከ1 ሳንቲም ወደ 2.14 ይወጣል። ሒሳቡ አጭር ነው፦

```
h = p * J / (N + p)
```

`p` የመመታት ዕድል፣ `J` የዝላዩ መጠን፣ `N` በዝላይ መካከል ያሉ ተራ ትዕዛዞች። ገበያው ሲናወጥ `N` ይወርዳል፣ `J` ይጨምራል፣ `h` ያለ ማንም ሴራ ይሰፋል። በጣም ሲብስ ማርኬት ሜከሩ ጥሎ ይወጣል። ሜይ 6 ቀን 2010 አሜሪካ ውስጥ የሆነው የዚህ ጽንፍ ነው፦ ዳው ጆንስ የተባለው የአክሲዮን ኢንዴክስ በቀኑ አንድ ሺህ ነጥብ ገደማ ወረደ፣ አብዛኛውንም በደቂቃዎች ውስጥ፤ መዝገቡ ከመመናመኑ የተነሳ እንደ አክሴንቸር ያሉ አክሲዮኖች በአንድ ሳንቲም ተሸጡ። ያቺ አንድ ሳንቲም ማንም በእርግጥ ሊገዛባት ያሰባት አልነበረችም፤ ለደንብ ብቻ የተቀመጠች ዋጋ ነበረች። እውነተኞቹ ዋጋዎች ሲነሱ የቀረችው እሷ ናት። እንዲህ ያለው ለይስሙላ የሚቀመጥ ዋጋ በዚያው ዓመት መጨረሻ ተከለከለ።

በሚቀጥለው ሳምንት

እስካሁን ክምችትን ትቼው ነበር፤ ሆን ብዬ። አሁን አስገባሁት፣ ነገሩም ሁሉ ተናወጠ።

ተራ ትዕዛዞች ተራ በተራ ግዢና ሽያጭ እየሆኑ አይመጡም። አንዳንዴ አምስት ሻጭ ተከታትሎ ይመጣና 500 አክሲዮን እጄ ላይ ይቀራል። ገደብ ካላበጀሁለት ክምችቱ እየዋለለ በሺዎች ይቆጠራል። በቀን 4,000 ክስተት፣ `shift=10` ሆኖ፣ አማካይ ትርፌ 400 ዶላር ነው። ክምችቱ ከዝላዮቹ ጋር ሲጋጭ የሚፈጥረው መዋዠቅ ግን ከ6 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ይህ ማርኬት ሜክንግ አይደለም፣ በአክሲዮኑ አቅጣጫ ላይ መቆመር ነው፤ ትርፉን በአጉሊ መነጽር እንኳ መለየት አይቻልም።

ገደብ አበጀሁ። ክምችቱ 200 ሲደርስ በመግዣው በኩል ያለውን ትዕዛዝ አነሳለሁ፣ መሸጫው ብቻ ይቀራል። ወደ ታች 200 ሲሆን ደግሞ፣ ማለትም የሌለኝን 200 አክሲዮን ሸጬ ስገኝ፣ በተቃራኒው። የሚያመልጡኝ ትዕዛዞች ስላሉ አማካይ ትርፉ ወደ 320 ዶላር ይወርዳል፣ መዋዠቁ ግን ወደ 245 ዶላር ገደማ ይሰበሰባል። አሁን ከአሥር ቀን አንዱ አካባቢ ኪሳራ ነው። የተሻለው ዘዴ ሁለቱንም ዋጋ በጥቂቱ ማዘንበል ነው፦ ብዙ ሲከማች መግዣውንም መሸጫውንም ትንሽ ዝቅ ማድረግ፣ ገዢ እንዲመጣ። ተመራማሪዎቹ አቬላኔዳና ስቶይኮቭ በ2008 ያወጡት ሞዴል ይህንኑ በቀመር ያስቀምጣል፤ ማዘንበሉ ክምችቱና መዋዠቁ በጨመሩ ቁጥር ይጨምራል። በእኔ ገበያ ግን ትንሿ የዋጋ ደረጃ አንድ ሳንቲም ስለሆነች የምታዘነብለው በሙሉ ሳንቲም ነው፣ ከገደቡም ብዙ አልተለየም።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ከሌላ ቦታ ነው። አንድ አክሲዮን ሳይሆን እርስ በርስ የማይገናኙ 100 አክሲዮኖች ላይ ያንኑ ፕሮግራም ባስኬድስ? አማካዩ በመቶ ይባዛል፣ መዋዠቁ ግን በአሥር ብቻ። 32 ሺህ ዶላር በ2,450 ዶላር መዋዠቅ። ኪሳራ የሚባል ቀን በተግባር ይጠፋል።

ቪርቱ የተባለው የፈጣን ንግድ ድርጅት በ2014 አክሲዮኑን ለሕዝብ ለማቅረብ ባስገባው ሰነድ ላይ በ1,238 የግብይት ቀናት ውስጥ የከሰረው አንድ ቀን ብቻ እንደሆነ ሲጽፍ ብዙ ሰው ጨዋታው የተጭበረበረ ነው አለ። እኔ አሁን ቁጥሩ አያስገርመኝም። በአንድ አክሲዮን ከሳንቲም አንድ አሥረኛ ብቻ ቢተርፍም፣ ግብይቱ በጣም ብዙና የተበታተነ ከሆነ ውጤቱ እንዲህ ነው የሚሆነው። በእርግጥ እውነተኛ አክሲዮኖች አብረው ይወድቃሉ፣ ስለዚህ መቶውን የተለያዩ አድርጎ መቁጠር አይቻልም። ድርጅቶቹ የጋራውን እንቅስቃሴ በፊውቸር ወይም በፈንድ ሸጠው ያስወግዱታል። ያ ደግሞ ወደ ቺካጎ መስመር ይመልሰናል፤ ማስወገጃውም ፍጥነት ይፈልጋል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለ ክፍያ። ብዙ የአሜሪካ ገበያዎች መዝገብ ላይ ትዕዛዝ ለሚያስቀምጥ ትንሽ ገንዘብ ይመልሳሉ፣ መጥቶ ከሚወስደው ደግሞ ያስከፍላሉ። ለዓመታት የማስከፈያው ጣሪያ በአንድ አክሲዮን 0.3 ሳንቲም ነበር። እኔ 0.2 ሳንቲም ተመላሽ ብዬ ሲሙሌተሩ ውስጥ አስገባሁ፣ ክምችቱን ትቼ። ሦስት አዳኝ፣ እኩል ፍጥነት፣ ዜሮ የነበረው ትርፍ በየዝላዩ 75 ሳንቲም ሆነ። ይህቺን የማታስገባ ሒሳብ ስለዚህ ሥራ ምንም አትነግርም።

እሑድ

የመጨረሻው ሙከራ። ገበያው ራሱ ደንቡን ቢለውጥስ? ሊወስድ የሚመጣ ትዕዛዝ ሁሉ 350 ማይክሮሰከንድ በር ላይ ይጠብቅ፣ መሰረዣ ግን በቀጥታ ይግባ። ሁላችንም ከ150 ማይክሮሰከንድ በላይ ስለማንዘገይ አዳኝ መቼም አይቀድመኝም። `p` ዜሮ ሆነ። ግማሽ ስፕሬዱን ወደ ግማሽ ሳንቲም፣ ማለትም መዝገቡ ወደሚፈቅደው ዝቅተኛ፣ ባወርደውም በየዝላዩ 1.50 ዶላር አተርፋለሁ። 500 አክሲዮንም ማሳየት እችላለሁ። ለተራው ገዢ ስፕሬዱ በግማሽ ጠበበለት፣ መጠኑም በዛለት።

ግን ፕሮግራሜ ውስጥ ማርኬት ሜከሩ ጨዋ ነው፤ የሚሰርዘው ዝላይ ሲመጣ ብቻ ነው። 350 ማይክሮሰከንድ ግን ሌላም ነገር ያስችለዋል። አንድ ትልቅ ተራ ገዢ ትዕዛዙን በአምስት ገበያዎች ላይ በአንድ ጊዜ ቢልክ፣ አራቱ ያለ መዘግየት ይፈጸማሉ፣ ማርኬት ሜከሩ ያንን አይቶ በአምስተኛው ላይ ያለውን ዋጋ ገዢው በር ላይ ቆሞ ሳለ ያነሳል። ስክሪን ላይ 500 ይታያል፣ ሲደርሱበት ባዶ። ይህ የሚለካው ከታየው መጠን ስንቱ በእርግጥ እንደተፈጸመ በመቁጠር ነው፤ የመሙያ መጠን ይባላል። አሁን ሁለተኛ ገበያ እየጨመርኩ ነው፣ ትልቁን ገዢ የሚቆራርጥ ክፍልም እየጻፍኩ። እሱ ሲሠራ የመሙያ መጠኑን ከመዘግየቱ ጋር አንድ ግራፍ ላይ አወጣዋለሁ።